ባላያጅ ወይስ ፎይል? ፀጉር ሲያድግ መስመር የሚያወጣው ምንድን ነው

«ፀጉሬ በተፈጥሮው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ወፍራምና ጥቅልል ያለ። ሲዘረጋ ከትከሻዬ አልፎ ይወርዳል። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቁር ቀለም ተቀብቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልነካሁትም። አሁን የካራሜል ሃይላይት አማረኝ። ፀጉር ሠሪዬ ‹በፎይል ካልሆነ አይነሳልሽም› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ባላያጅ ፀጉር አይጎዳም፣ ሲያድግም አይታወቅም፣ ፎይል ግን ከሥሩ መስመር እያወጣ ያስቸግርሻል አለችኝ። ሳሎን መሄድ የምችለው በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው። የትኛውን ልምረጥ?»

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባላያጅ ብሊቹን በብሩሽ ፀጉሩ ላይ ስቦ ክፍት አየር ላይ መተው ነው፤ ፎይል ደግሞ የተቀባውን ዘለላ በፎይል መጠቅለል። የሚጋጩ የመሰለሽ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ስለሆነ ነው። ፀጉር ሠሪሽ የምታወራው ቀለሙ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ ማለትም ፀጉሩ ምን ያህል እንደሚነጣ ነው። ጓደኛሽ ደግሞ ፀጉሩ ሲያድግ ምን እንደሚመስል። የመጀመሪያውን በአብዛኛው የሚወስነው ፎይል መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛውን የሚወስነው ግን ብሊቹ ከየት ጀመረ፣ ጠርዙስ እንዴት ተቀባ የሚለው ነው። ፎይል በራሱ መስመር አያወጣም። መስመር የሚያወጣው ከራስ ቆዳ አጠገብ፣ ሁሉንም ዘለላ እኩል ቦታ ላይ መጀመር ነው። ይህን ከለየሽ ምርጫው ይቀልልሻል።

መጀመሪያ ግን «ባላያጅ ፀጉር አይጎዳም» የሚለው ይስተካከል። በብሩሽ ተቀባም በፎይል ተጠቀለለ፣ ሥራውን የሚሠራው ያው ብሊች ነው። የብሊች ዱቄት ከፐሮክሳይድ ክሬም ጋር ይደባለቃል። ውህዱ የፀጉሩን የላይኛውን ቅርፊት ያላላና ይከፍታል። ከዚያ ውስጥ ገብቶ ለፀጉር ጥቁረት የሚሰጠውን ሜላኒን ይሰባብራል። ችግሩ ሜላኒኑን ብቻ መርጦ አይነካም። ለፀጉር ጥንካሬ የሚሰጡትን ማያያዣዎችም አብሮ ይበጥሳል። ጉዳቱ የሚለካው በፐሮክሳይዱ ጥንካሬ፣ በቆየበት ጊዜ፣ እና ያው ቦታ ስንት ጊዜ በተቀባው ነው። በዘዴው ስም አይለካም።

ታዲያ ባላያጅ ለስላሳ የሚል ስም ከየት አገኘ? ብዙ ጊዜ የሚነካው ፀጉር ትንሽ ስለሆነ፣ ከራስ ቆዳም ስለሚርቅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ስለማያነሳ። ትንሽ ያነሳ ትንሽ ይጎዳል። ባላያጁን ፎይል የሚያነሳውን ያህል እንዲያነሳ ካስገደድሽው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀጉር ሠሪዋ ፐሮክሳይዱን ወደ 9 ወይም 12 ፐርሰንት ከፍ ታደርጋለች። ወይም በአንድ ቀን ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ ትቀባለች። እንዲህ የተሠራ ባላያጅ በ6 ፐርሰንት ፎይል ውስጥ በእርጋታ ከተነሳ ፀጉር በጣም የባሰ ጉዳት ያመጣል።

አሁን ፎይሉ ለምን እንደሚያነሳ እንይ። ብሊች የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። ሲደርቅ ይቆማል። በባላያጅ ውህዱ ወፈር ተደርጎ፣ ብዙ ጊዜም የሸክላ አፈር ያለበት ዱቄት ተመርጦ፣ በብሩሽ ፀጉሩ ላይ ይሳባል። ሸክላው ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራና ውስጡን ለተወሰነ ጊዜ እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። ቢሆንም አየር ላይ ነው ያለው። የክፍሉ ሙቀት፣ ነፋሱ፣ የተቀባው መጠን ሁሉ ይወስነዋል። ፎይል ውስጥ ግን እርጥበቱም ሙቀቱም አይወጣም፤ እንደተከደነ ድስት ነው። ያው ውህድ ከዳር እስከ ዳር፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ዝቅ ባለ ፐሮክሳይድ ከፍ ያለ ውጤት ይገኛል።

ይህ ልዩነት በቀላል ቡናማ ወይም በወርቃማ ፀጉር ላይ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ባንቺ ፀጉር ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ባለሙያዎች የፀጉርን ጥቁረት ከ1 እስከ 10 በደረጃ ይለካሉ። 1 ድፍን ጥቁር ነው፤ 10 በጣም ነጣ ያለ ወርቃማ። የነገርሽኝ ጥቁር ቡናማ ወደ 3 ገደማ ይሆናል። ጥቁር ፀጉር ሲነሳ በአንዴ ካራሜል አይሆንም። መጀመሪያ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ቀይ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ደረጃ 7 ሲደርስ ብርቱካናማ ቢጫ። ካራሜል የምትይው ቀለም የሚያርፈው በ6 እና በ7 መካከል ነው። ያንቺ ፀጉር እዚያ እንዲደርስ ወደ አራት ደረጃ መነሳት አለበት።

ክፍት አየር ላይ የሚሠራ ባላያጅ በወፍራም ጥቁር ፀጉር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ደረጃ ነው የሚያነሳው። ያ ማለት ቀይ ብርቱካናማው ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ የቱንም ያህል ጥሩ ቶነር ቢደረግ መዳብ መሰል ይሆናል እንጂ ካራሜል አይሆንም። ቶነር ያለውን ቀለም ያስተካክላል፤ ያልተነሳውን አያነሳም። «ባላያጅ ተሠራሁ፣ ቀላብኝ» የሚሉ ጥቁር ፀጉር ያላቸው ሴቶች ብዙዎቹ እዚህ ደረጃ ላይ የቀሩ ናቸው። ፀጉር ሠሪሽ «አይነሳልሽም» ያለችው ይህን አይታ ነው፤ ልክ ናት።

ወደ ጓደኛሽ ነጥብ እንምጣ። ፀጉር በወር በአማካይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ያድጋል። የተለመደው የፎይል ሃይላይት ከራስ ቆዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርቆ ይጀምራል። ሁሉም ፎይል እኩል ቦታ ላይ ነው የሚጀምረው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከመከፈያው ግራና ቀኝ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥቁር ጎልቶ ይታያል። በስድስተኛው ወር ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አጀማመሩ እኩል ስለነበር ጥቁሩና የነጣው የሚገናኙበት ቦታ በጭንቅላትሽ ዙሪያ አንድ ቀለበት ሠርቶ ይወርዳል። ዓይን የሚይዘው ይህንን ነው። ፎይል የሚሠሩ ሰዎች በየሁለት ወሩ አካባቢ የሚመለሱትም ለዚህ ነው።

ባላያጅ ላይ ብሊቹ የሚጀምረው ዝቅ ብሎ ነው። አንዱ ዘለላ ከጆሮ በላይ፣ ሌላው ከጆሮ በታች፣ የፊቱ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ። ብሩሹም ወደ ላይ ሲሄድ እየቀለለ፣ እየሳሳ ነው የሚሳበው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥሩ ጥቁር ነው። ስድስት ወር ቆይቶ ጥቁሩ ቢረዝም ይረዝማል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጠርም። ቀለሙ ዝቅ ይላል፣ በቃ። ጓደኛሽ ያየችው ይህንን ነው፤ እሷም እዚህ ላይ ልክ ናት።

አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በጥቁሩና በነጣው መካከል ያለው የደረጃ ርቀት። ከ3 ወደ 9 የተነሳ ዘለላ የቱንም ያህል ዝቅ ብሎ ቢጀምር ይጮኻል። ከ3 ወደ 6 ተኩል የተነሳ ዘለላ ግን ከፍ ብሎ ቢጀምርም ዓይን ያልፈዋል። ካራሜል መምረጥሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ወርቃማ ብትይኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ላንቺ የምመክርሽ ሁለቱን ማጣመር ነው። አቀማመጡ የባላያጅ ይሁን፤ አነሳሱ ግን በፎይል። ብዙ ሳሎን ውስጥ ፎይላያጅ ይሉታል። ስሙን ማወቅሽ ብቻ ግን አይበቃም። በዚህ ስም ተራ የፎይል ሃይላይት ሠርቶ የሚሸኝ አለ። እጅ ላይ ምን መታየት እንዳለበት ልንገርሽ።

ፀጉሩ ደርቆና ተዘርግቶ ይበጠራል። ፀጉር ሠሪዋ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ክፍል ትይዛለች። ጫፉን በአንድ እጇ ወጠር ታደርጋለች። ከዚያ በጥርሰ ጥቅጥቅ ማበጠሪያ ከመሀሉ ጀምራ ወደ ሥሩ፣ ወደ ላይ፣ ቀስ ብላ ትገፋለች። አጫጭሩ ፀጉር ተሰብስቦ ሥሩ አካባቢ እንደ ጥጥ ይከማቻል። እጇ ላይ ወጠር ብሎ የሚቀረው ሳሳ ያለው ነው። ብሊቹን የምትቀባው እሱን ነው። ከተከማቸው ጥጥ ጥቂት ዝቅ ብላ ትጀምራለች፤ መጀመሪያ ላይ ስስ፣ ወደ ጫፍ ሲወርድ በደንብ የጠገበ። ከዘለላው በታች ፎይል ታስገባለች፣ ታጥፈዋለች። ሲታጠብና ሲበጠር ያ የተከማቸው ፀጉር ተዘርግቶ ከነጣው ጋር ይደባለቃል። አንዱ ፀጉር ከ8 ሴንቲ ሜትር፣ ጎረቤቱ ከ11፣ ሌላው ከ14 ጀምሮ ይነጣል። ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለሌለ ሲያድግም መስመር የሚሆን ነገር አይኖርም። አንድ ምክር ግን፣ የተከማቸውን ፀጉር መፍታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ ከጫፍ ወደ ሥር፣ በጣት ተጀምሮ ነው የሚፈታው። ብሊች የነካው እርጥብ ፀጉር ቢጎተት ይበጠሳል።

እዚህ ድረስ ፀጉርሽ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርጌ ነው ያወራሁት። አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀባሽው ጥቁር ቀለም አለ። በሁለት ዓመት ከ24 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር አዲስ ፀጉር አብቅለሻል። ሲዘረጋ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከታች ወደ 18 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው አሁንም ያ ቀለም አለበት። ባይንሽ አይለይም ይሆናል። ብሊቹ ግን ይለየዋል። የተፈጥሮው ክፍል በ30 ደቂቃ ብርቱካናማ ሲደርስ፣ የተቀባው ገና ቀይ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ወገብ እንዳሰረ መስመር ይወጣል። ይህ መስመር ከሥር እድገት ጋር ምንም አይገናኝም። ብዙ ጊዜ ግን «ፎይሉ ነው ያመጣው» ተብሎ ይወቀሳል።

ስለዚህ ቀለም መቀባትሽን ሳትጠየቂ ተናገሪ። «ቆይቷል፣ ለቅቋል» ብለሽ አትለፊው። ቋሚ ቀለም ሲደበዝዝ ይደበዝዛል እንጂ ከፀጉሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ሌላ ቀለም ላዩ ላይ በመቀባትም አይነሳም፤ ብሊች ነው የሚያነሳው። ከሥራው በፊት ከማይታይ ቦታ፣ ከጆሮ ጀርባ ወይም ከማጅራት በላይ፣ እስከ ጫፍ የሚደርስ አንድ ቀጭን ዘለላ ይሞከር። በዚያው ውህድ፣ በፎይል፣ በየ10 ደቂቃው እየታየ። የዘለላው የላይና የታች ክፍል ምን ያህል እንደተራራቁ ያን ጊዜ ይታወቃል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ በዋናው ቀን የተቀባው ጫፍ አስቀድሞ ይቀባል። ከ15 ደቂቃ በኋላ የተፈጥሮው ክፍል ይከተላል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ግን ሁለት አማራጭ ነው ያለሽ። ጫፉን በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ቀጠሮ ማንሳት፣ ወይም የተወሰነውን መቁረጥ። እኔ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ ጤነኛ ፀጉር ላይ ብትሠሪ እመርጣለሁ። ፀጉር ማሳጠር ለብዙዎች ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተጎዳ ጫፍ ተይዞ የሚቆይ ርዝመት አይደለም፤ በራሱ ጊዜ እየተሰበረ ያልቃል።

ያው የሙከራ ዘለላ ሌላም ነገር ያሳያል። ታጥቦ ገና እርጥብ እያለ በሁለት ጣት ይዘሽ ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ትንሽ ተስቦ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ተስቦ ካልተመለሰ፣ ወይም እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ፣ ወይም ወዲያው ከተበጠሰ፣ ፀጉሩ ብሊች አይችልም። ጥቅልል ፀጉር ላይ ደግሞ ዘለላው ደርቆ ጥቅሉን መመለሱን እዪ። ካልተመለሰ ብሊቹ፣ ወይም ከዚያ በፊት ያለፈበት የፒያስትራ ሙቀት ጎድቶታል ማለት ነው። በዋናው ቀን የሚቀባው ብሊች ያንን ያባብሳል።

በዋናው ቀን ምን ሊበላሽ ይችላል? ፎይል ላይ በጣም የተለመደው መፍሰስ ነው። ብሊቹ ሲቀጥን ወይም ሲበዛ፣ ሲሞቅ ያብጥና ከፎይሉ አፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሥሩ ላይ ክብ ክብ የነጡ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። ያንቺ ዓይነት አሠራር ላይ ይህ ሁሉንም ያበላሻል፤ ሥሩ ጥቁር ሆኖ መቅረት ነበረበትና። መከላከያው ውህዱን ወፈር ማድረግና ፎይሉን ከጠርዙ አጥፎ መዝጋት ነው። ፎይል ላይ ካስክ ወይም ፎን መደገንም አልመክርም። ውህዱ በራሱ ይሞቃል። ተጨማሪ ሙቀት ማበጡንም ያፋጥነዋል፣ ፀጉሩንም ያቃጥለዋል።

ክፍት አየር ላይ የሚሠራው ደግሞ የራሱ ብልሽት አለው። ብሩሹ የዘለላውን ላይ ብቻ ቀብቶ ሆዱ ሳይነካ ይቀራል። ወይም ስስ ሆኖ ይቀባና በ15 ደቂቃ ይደርቃል። መለየት ቀላል ነው። የተቀባው ቦታ ነጭና እንደ ጠመኔ ደረቅ ሆኖ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ሥራ አቁሟል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ቢያስቀምጡሽም ለውጥ የለም። ሲታጠብ እዚህ ነጣ፣ እዚያ ጠቆር ያለ ነገር ይወጣል። ፊትሽ ዙሪያ ያሉትን ቀጫጭን ዘለላዎች ክፍት አየር ላይ ብትቀባቸው ግን አልቃወምም። እዚያ ፀጉሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። እንዲያውም ፎይል ውስጥ ከሌላው ቀድሞ ከልክ በላይ ይነጣል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ አብዛኞቹ የብሊች ዱቄቶች ከ45 እስከ 50 ደቂቃ በላይ እንዲቆዩ አይፈቀድም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነው የሚሠራው። ፀጉር ሠሪዋ በየ10 ደቂቃው ፎይል ከፍታ፣ ትንሽ ቦታ በእርጥብ ፎጣ ጠርጋ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ማየት አለባት። ብሊቹ እንደተቀባ ከላይ የሚታየው ቀለም ያታልላል። መቼ ይታጠብ የሚለውን ሰዓቱ ሳይሆን የተጠረገው ፀጉር ነው የሚናገረው። ብርቱካናማው ወደ ቢጫ ማዘንበል ሲጀምር ይበቃል። ለካራሜል ከዚያ ማለፍ ፀጉር ማባከን ነው፤ የነጣውን በቶነር መልሶ ማጥቆር ነው የሚሆነው።

ሦስት ሁኔታ ላይ ግን «አይሠራልሽም» ቢሉሽ እሺ በይ። አንደኛው ሪላክሰር ነው። ሪላክሰር የፀጉሩን ማያያዣ በኬሚካል አላልቶ ነው የሚያለሰልሰው። ብሊች ላዩ ላይ ሲጨመር ፀጉሩ እጅ ላይ ሊቀር ይችላል። ሪላክሰር የነካው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ሂና፣ በተለይ የብረት ጨው የተቀላቀለበት ውህድ ሂና ነው። የብረት ጨው ከፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ፎይሉ ውስጥ በኃይል ሊግል፣ ሊጨስም ይችላል። ሂና ተቀብተሽ ከሆነ ያ የሙከራ ዘለላ ከጭንቅላትሽ ተቆርጦ፣ ለብቻው ሳህን ላይ ይሞከር። ሲነካ ከሞቀ ወይም አረፋ ከደፈቀ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ሦስተኛው የቆሰለ ወይም የተላጠ የራስ ቆዳ ነው። ከሥር ርቆ ቢጀመርም ሲታጠብ ብሊቹ ቆዳውን መንካቱ አይቀርም። በተጨማሪ፣ ከዚህ በፊት ቀለም ያሳከከሽ ወይም ያሳበጠሽ ከሆነ ቶነሩም አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ከ48 ሰዓት በፊት ቆዳሽ ላይ ይሞከርልሽ።

አሁን ስለ ዓመት ሁለቴው። እዚህ ላይ ጓደኛሽ ያላነሳችው ነገር አለ። ባላያጅ «ጥገና አይፈልግም» ሲባል ሥሩን ነው። ቀለሙን አይደለም። ታጥበሽ ስትወጪ የምታዪው ካራሜል የብሊቹ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለውን ብርቱካናማ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ቅልቅል ያረጋጋው ቶነር አለ። ቶነር ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እየታጠበ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ሥርሽ አሁንም ያማረ ይሆናል። ጫፍሽ ግን ወደ መዳብ ይሄዳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከጥቁር የተነሳ ፀጉር ሁሉ እንዲህ ነው።

ከሁለቱ ቀጠሮዎችሽ መካከል ቶነር ብቻ ለማደስ አንድ አጭር ጉብኝት ማስገባት ከቻልሽ ጥሩ ነው። ብሊች የለውም፤ ከታጠበ በኋላ ተቀብቶ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ካልቻልሽ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ሻምፖ በሳምንት አንዴ ተጠቀሚ። ሰማያዊ ነው ያልኩት፤ ሐምራዊውን አይደለም። ሐምራዊው ለቢጫ ነው የሚሠራው። ያንቺ ችግር ብርቱካናማ ነው የሚሆነው። እሱንም በየቀኑ አታድርጊው፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ፀጉርም ያደርቃል። በሌላው ቀን ሰልፌት የሌለበት ሻምፖ፣ ውኃው ለብ ያለ። ፒያስትራ የግድ ካልሆነ ተዪው። ከፍተኛ ሙቀት ቶነሩን ያነሳዋል፤ ብዙ ሰው ቀለሙ በሁለት ሳምንት የጠፋበት ምክንያት እሱ ነው።

በስድስተኛው ወር ስትመለሺ ብሊቹ ድጋሚ እስከ ጫፍ እንዳይቀባ ተከታተይ። ይህ የፎይል ሃይላይት ትክክለኛ ጉዳት ያለበት ቦታ ነው። በየጉብኝቱ አዲስ ዘለላ ይመረጣል፤ የድሮው ከአዲሱ ይደራረባል። ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም በሃይላይቶቹ መካከል የቀረ ጥቁር አይኖርም፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ ቁጭ ይላል። ያንቺ ሁለተኛ ጉብኝት ቀላል ነው መሆን ያለበት። ፊት ዙሪያና ከላይ ጥቂት አዲስ ዘለላዎች ይነሳሉ። ቀደም ብሎ የነጣው ሳይነካ ቶነሩ ብቻ ይታደሳል። ከመጠን በላይ የነጣ ካለ አንዳንዱን ዘለላ በተፈጥሮ ቀለምሽ መልሶ ማጥቆር ይቻላል።

ሁሉም ሰው ይህን ያድርግ እያልኩ አይደለም። ሽበቷ የበዛ ሴት ብትጠይቀኝ ቀጫጭን ፎይል ከሥር አስጠግታ እንድትሠራ እነግራት ነበር። ዝቅ ብሎ የሚጀምር ባላያጅ ሽበትን አይሸፍንም፤ ቀጫጭኑ ሃይላይት ግን ከሽበቱ ጋር ተቀላቅሎ እድገቱን ይደብቃል። ከግንባሯ ጀምሮ ብሩህ መሆን የምትፈልግም ፎይሉን መምረጥ አለባት፤ በየሁለት ሦስት ወሩ መመለስን ተቀብላ። የተፈጥሮ ፀጉሯ ደረጃ 6 ወይም 7 የሆነች ደግሞ ክፍት አየር ላይ የተሠራ ባላያጅ ይበቃታል፤ ፎይል አያስፈልጋትም።

ላንቺ ግን መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ለፀጉር ሠሪሽ እንዲህ በያት፦ «በፎይል ሥሪኝ፣ ግን ከሥሩ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ራቂልኝ፤ እየገፋሽ አከማቺው፣ አጀማመሩ እኩል አይሁን። ፐሮክሳይዱ ከ6 ፐርሰንት አይብለጥ። ከደረጃ 7 አታሳልፊው። መጀመሪያ ግን ከጆሮዬ ጀርባ አንድ ዘለላ ሞክሪልኝ፣ ጥቁር ቀለም ነበረበት።» ይህን ሰምታ የሙከራውን ዘለላ በደስታ የምትሠራልሽ ከሆነ ቀጠሮ ያዢ። «አያስፈልግም፣ 12 ፐርሰንት ቶሎ ያነሳዋል» ካለችሽ ግን ሌላ ሳሎን ፈልጊ።